13 ቦኖ ነበር፤ አሁን ጎረቤት ነው

ጅግጅጋ ውስጥ «የመጠጥ ውሃ ከየት ታመጣላችሁ?» ብሎ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው በአንድ መንደር ብቻ አራት አምስት ዓይነት መልስ ይሰማል። ግቢው ቧንቧ የገባለት አለ። ከጎረቤት ግቢ በጀሪካን እየቀዳ የሚከፍል አለ። ቦኖ የሚሰለፍ አለ። በአህያ ጋሪ በርሜል የሚያስመጣ፣ ቦቴ እስኪመጣ የሚጠብቅም አለ። ከከተማው ወጥቶ ወደ ሐርተ ሼክ አቅጣጫ ሲኬድ ደግሞ ቢርካ ይጨመራል፤ መሬት ተቆፍሮና በሲሚንቶ ተለስኖ የዝናብ ጎርፍ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ መልሶች መጠይቅ ላይ ሲሰፍሩ ሁለት አሃዝ ያላቸው ቁጥሮች ይሆናሉ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ዙር ጥናት ተሠርቶ ሁለቱ ዙሮች ሲወዳደሩ፣ የሚወዳደሩት እነዚያ ቁጥሮች ናቸው። በመካከል መጠይቁ ታድሶ ቁጥሮቹ ቦታ ቢቀያየሩ ምን ይሆናል? ይህ ዳሰሳ የሚከታተለው ይህን ጥያቄ ነው፤ ምሳሌው ደግሞ በእውነት የደረሰ ነው።

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 ተካሂዷል። የሠራው የያኔው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው። ጥናቱ በብዙ አገር የሚሠራበትን የጋራ መጠይቅ መነሻ ያደርጋል፤ ያ መጠይቅም በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል። የ2011ዱ ስድስተኛውን፣ የ2016ቱ ሰባተኛውን እትም ተከትሏል። በቤተሰብ ፋይሉ ውስጥ የመጠጥ ውሃ ምንጭ የተመዘገበበት ዓምድ በሁለቱም ዙር `hv201` ይባላል። በሁለቱም 11 ማለት ቤት ውስጥ የገባ ቧንቧ፣ 12 ማለት ግቢ ውስጥ ያለ ቧንቧ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በ2011 ፋይል 13 ቦኖ ነው። በ2016 ፋይል 13 የጎረቤት ቧንቧ ሆኗል፤ ቦኖ ወደ 14 ተዛውሯል። ከ21 ጀምሮ ያሉት የጉድጓድ፣ የምንጭ፣ የዝናብና የቦቴ ቁጥሮች በፋይሉ ውስጥ እንደነበሩ ናቸው።

ለውጡ ትንሽ ይመስላል። ክፋቱ ያለው ግን 13 ሳይሰረዝ ለሌላ ነገር በመሰጠቱ ነው። ይህን ለመረዳት በዚያው ጥናት ውስጥ ያለ ሌላ የቁጥር ለውጥ ማየት ይጠቅማል። በ2011 ፋይል የክልል ቁጥር ከ1 እስከ 7 ይሄድና ወደ 12 ይዘላል፤ ጋምቤላ 12፣ ሐረሪ 13፣ አዲስ አበባ 14፣ ድሬዳዋ 15 ናቸው። ዝላዩ በሽግግሩ ዘመን ከተቋቋሙት 14 ክልሎች ከ7 እስከ 11 ያሉት ተዋህደው ደቡብ ሲባሉ የቀረ ክፍተት ነው። በ2016 ፋይል ክፍተቱ ተዘግቶ እነዚያ አራቱ 8፣ 9፣ 10 እና 11 ሆነዋል። ሶማሌ በሁለቱም 5 ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ስህተቱን ወዲያው ያየዋል፤ አሮጌዎቹ ቁጥሮች ለሌላ ስላልተሰጡ ሁለቱ ፋይሎች ሲቀላቀሉ 11 መሆን የሚገባቸው መስመሮች 15 ሆነው ይወጣሉ። ጅግጅጋን ከሐረርና ከድሬዳዋ ጋር ለማነጻጸር የተነሳ ሰው ሐረሪ በአንዱ ዙር ባዶ ሲሆንበት ቆም ብሎ ይጠይቃል። በውሃው ዓምድ ግን 13 በሁለቱም ዙር ሰው አለበት፤ ባዶ ሆኖ የሚያስጠነቅቅ ቦታ የለም።

አሁን ስህተቱ በኮምፒውተር ላይ እንዴት እንደሚፈጠር በቅርብ እንየው። ብዙ የአገራችን ተንታኞች የሚጠቀሙት ስታታን ነው። አንድ ሰው የ2011ዱን ፋይል ከፍቶ የ2016ቱን ከሥሩ ይቀጥላል እንበል፦

```
use ETHR61FL.DTA, clear
append using ETHR71FL.DTA
tab hv201 hv007
```

በሁለቱም ፋይሎች ውስጥ ለውሃ ምንጭ የተሰጠው የስያሜ ዝርዝር ስሙ አንድ ዓይነት ነው። ስታታ እንዲህ ሲያጋጥመው መጀመሪያ የተከፈተውን ፋይል ስያሜ ይዞ ሁለተኛውን ይተወዋል፤ `(label HV201 already defined)` የሚል አንድ መስመር ጽፎ ያልፋል። መስመሩ ስህተት ተብሎ በቀይ አይወጣም፤ ሌሎች ብዙ ተመሳሳይ መስመሮችም አብረውት ስለሚወርዱ የሚያነበው የለም። ከዚያ በኋላ የ2016 የጎረቤት ቧንቧ ተጠቃሚዎች በሙሉ «ቦኖ» በሚለው ረድፍ ይቆጠራሉ። የ2016 የቦኖ ተጠቃሚዎች ደግሞ ስያሜ ያጣ 14 ይሆናሉ። በሠንጠረዡ ውስጥ ሁሉም ረድፍ ቃል ሆኖ አንዱ ብቻ ቁጥር ሆኖ ሲወጣ ዓይን ይስባል። አስተዋይ ሰው እዚህ ይነቃል።

ፋይሎቹ በተቃራኒው ቅደም ተከተል ከተቀላቀሉ ግን የሚያነቃ ነገር አይኖርም። አዲሱ ፋይል ቀድሞ ሲከፈት ስያሜው የ2016 ይሆናል፤ በ2011 ፋይል ያለ እያንዳንዱ ቁጥር ደግሞ በ2016 ዝርዝር ውስጥ ስያሜ አለው። የ2011 የቦኖ ተጠቃሚዎች «የጎረቤት ቧንቧ» ተብለው በሥርዓት ይሰለፋሉ፤ ራቁቱን የቀረ ቁጥር የለም። ሠንጠረዡ ጎረቤት ዘንድ የሚቀዳው ሕዝብ በአምስት ዓመት እንዳሽቆለቆለና ቦኖ ከዜሮ እንደተነሳ ይናገራል። የቦኖ ግንባታ ዘመቻ ውጤት ነው ብሎ ለማብራራት የሚቸኩል ሰው አይጠፋም። ለእኔ በዚህ ሁሉ ጉዳይ አደገኛው ቦታ ይህ ነው፤ ሠንጠረዡ ንጹሕ ከመሆኑም በላይ ታሪኩ ሰው መስማት የሚወደው ዓይነት ነው። በነገራችን ላይ በዚያው ሠንጠረዥ አናት ላይ የሚወጡት ዓመታት 2003 እና 2008 ናቸው፤ ፋይሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለተመዘገበ ነው እንጂ ሌላ ጥናት ስለሆነ አይደለም።

ሁለተኛው ወጥመድ በወረቀቱ መጠይቅና በፋይሉ መካከል ነው። ጠንቃቃ ተንታኝ የፋይሉን ስያሜ ሳያምን የታተመውን መጠይቅ ከሪፖርቱ ጀርባ አውጥቶ ያያል። ልማዱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በጋራው መጠይቅ ላይ ጠያቂው የሚያከብበው ቁጥርና በተሰናዳው ፋይል ውስጥ ያለው ቁጥር ሁልጊዜ አንድ አይደለም። በወረቀቱ ላይ 71 በጋሪ የሚመጣ ውሃ ነው፤ በፋይሉ ውስጥ ግን ጋሪ 62 ሲሆን 71 የታሸገ ውሃ ነው። ወንዝና ኩሬ በወረቀቱ 81፣ በፋይሉ 43 ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ይቀየራል ማለት ነው፤ አንዴ ከመጠይቅ እትም ወደ መጠይቅ እትም፣ አንዴ ከወረቀት ወደ ፋይል። በወረቀቱ ቁጥር ፋይሉን ያነበበ ሰው ሃይላንድ ገዝተው የሚጠጡትን ቤተሰቦች የአህያ ጋሪ የሚጠብቁ ያደርጋቸዋል፤ ጋሪ የሚጠብቁት ደግሞ ወረቀቱ በማያውቀው 62 ይቀራሉ። የጋሪ ውሃ እምብዛም በማይታወቅበት አካባቢ ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ በፋፈንና በሲቲ ዞን ከተሞች ግን ትልቅ ስህተት ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነው። እያንዳንዱ ፋይል ከሌላው ጋር ሳይቀላቀል፣ በራሱ ስያሜ እየተነበበ፣ ወደ አዲስ የጋራ ዓምድ ይተረጎማል፤ የቀድሞው ዓምድ አይነካም። መጀመሪያ በወረቀት ላይ አራት ዓምድ ያለው የማዛመጃ ሠንጠረዥ ይዘጋጃል፦ የነገሩ ስም፣ በመጀመሪያው ዙር ቁጥሩ፣ በሁለተኛው ዙር ቁጥሩ፣ የጋራው ቁጥር። ከዚያ ትእዛዙ ይጻፋል፤ የመጀመሪያው በ2011 ፋይል ላይ፣ ሁለተኛው በ2016 ፋይል ላይ ብቻ የሚሠራ ነው፦

```
recode hv201 (11 12=1) (13=2) (61=4) (62=5) ///
  (21/51=6) (71=7) (96=8) (nonmissing=9), gen(wuha)

recode hv201 (11 12=1) (14=2) (13=3) (61=4) (62=5) ///
  (21/51=6) (71=7) (96=8) (nonmissing=9), gen(wuha)
```

የጋራው 2 ቦኖ፣ 3 የጎረቤት ቧንቧ ነው። ከ21 እስከ 51 ያሉትን እዚህ የጠቀለልኩት ለምሳሌው እንዲያጥር ነው። መጨረሻ ላይ ያለው 9 ግን ለማሳጠር የገባ አይደለም። ስታታ በትእዛዙ ያልተጠራን ቁጥር እንዳለ ገልብጦ ወደ አዲሱ ዓምድ ያሳልፈዋል፤ 9 ባይኖር ኖሮ የረሳነው ቁጥር ከጋራዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ይቀመጥ ነበር። 9 ላይ አንድ ቤተሰብ እንኳ ከተገኘ ማዛመጃው አላለቀም ማለት ነው። ከመቀላቀል በፊት ደግሞ እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ይፈተናል፤ `hv005` ለ1000000 ተካፍሎ እንደ ክብደት ተወስዶ፣ በዚያ ዓመት ሪፖርት ላይ ለመላ አገሪቱ የታተመው የውሃ ምንጭ ሠንጠረዥ እስከ ነጥቡ መውጣት አለበት። ካልወጣ ስህተቱ በራሳችን እጅ ነው፤ ወደ ንጽጽር መሄድ አያስፈልግም።

እስከዚህ ያለው ትዕግሥት ያለው ሰው የሚጨርሰው ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን በትእዛዝ አይፈታም። የጎረቤት ቧንቧ በ2016 ቁጥር አገኘ፤ በ2011ስ ከጎረቤት የሚቀዱት ቤተሰቦች የት ተመዘገቡ? የራሳቸው ሳጥን አልነበራቸውም። አንዱ ጠያቂ «ከቤታቸው ውጭ ያለ ቧንቧ ነው» ብሎ ቦኖ ላይ አክብቦ ይሆናል። ሌላው «ግቢ ያለ ቧንቧ ነው» ብሎ 12 ላይ፣ ሦስተኛው «ሌላ» በሚለው 96 ላይ። የታተሙት መጠይቆች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ነበሩ፤ በሶማሊኛ ለሚመልስ ቤተሰብ ምርጫውን እዚያው በቃል የሚያስረዳው ጠያቂው ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ማስተካከል ብቻውን የ2011ን ቦኖና የ2016ን ቦኖ አንድ አያደርጋቸውም። መጠይቅ የሚያድስ ሰው ቁጥር የሚያዛውረው አብዛኛውን ጊዜ በመካከል አዲስ ምርጫ ለማስገባት ነው፤ አዲስ ምርጫ ሲገባ ደግሞ በአጠገቡ ያሉት ምርጫዎች ይዘት ይቀየራል።

ይህን በቁጥር ለማየት አንዲት ከተማ እናስብ። አሃዞቹ ለማስረዳት የተፈጠሩ ናቸው፤ የየትኛዋም ከተማ አይደሉም። በእያንዳንዱ ዙር 200 ቤተሰብ ተጠይቋል። በመጀመሪያው ዙር 30 የቤት ወይም የግቢ ቧንቧ፣ 90 ቦኖ፣ 40 ቦቴ፣ 20 ጋሪ፣ 20 ሌላ ብለዋል። በሁለተኛው 50 የቤት ወይም የግቢ፣ 44 የጎረቤት፣ 50 ቦኖ፣ 30 ቦቴ፣ 16 ጋሪ፣ 10 ሌላ። ፋይሎቹን እንዲሁ የቀላቀለ ሰው 13ን ከ13 ጋር ያነጻጽርና ቦኖ ከ45 በመቶ ወደ 22 በመቶ ወረደ ይላል። በትክክል ያዛመደ ሰው ከ45 ወደ 25 ወረደ ይላል። ሁለቱ መልሶች መቀራረባቸውን ልብ ይሏል። የተሳሳተው አሃዝ ከትክክለኛው አጠገብ ሲያርፍ፣ «ሌላ ሰው ሠርቶት ወደዚያው ወጣ» ተብሎ እንደ ማረጋገጫ ይወሰዳል።

ይሁንና 25 ራሱ ምን ያህል ያስተማምናል? በመጀመሪያው ዙር ከጎረቤት የሚቀዱት ሁሉ ቦኖ ውስጥ ተቆጥረው ከነበረ፣ መነጻጸር ያለበት የመጀመሪያው ዙር ቦኖ ከሁለተኛው ዙር ቦኖና ጎረቤት ድምር ጋር ነው፤ ይህም 45 በመቶና 47 በመቶ ነው፤ ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። አንዳቸውም ቦኖ ውስጥ ካልነበሩ 45 እና 25 ነው፤ ቦኖ በግማሽ ሊቀንስ ጥቂት ነው የቀረው። እውነቱ በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል የሆነ ቦታ ነው፤ የት እንደሆነ ግን ፋይሉ አይናገርም። ጅግጅጋ ላይ ቦኖ ለመጨመር ወይም መስመር ለመዘርጋት ለሚወስን የውሃ ባለሙያ ሁለቱ ጫፎች ፍጹም የተለያየ ምክር ናቸው። ስለዚህ መጻፍ ያለባቸው ሁለቱም ናቸው፤ መካከላቸውን ወስዶ አንድ አሃዝ ማውጣት ሌላ ግምት መፍጠር ነው።

የሚቀረው አስተማማኝ ነገር ጠቅልሎ ማነጻጸር ነው። የቤት፣ የግቢ፣ የጎረቤትና የቦኖ ተደምረው «ከማንኛውም ቧንቧ» ቢባል፣ ከ120 ቤተሰብ ወደ 144፣ ከ60 በመቶ ወደ 72 በመቶ ይሆናል። ከጎረቤት የሚቀዱት ቀድሞ ቦኖ ውስጥ ነበሩ ወይስ ግቢ ውስጥ የሚለው ጥያቄ እዚህ ይወድቃል፤ «ሌላ» ውስጥ የገቡት ብቻ ውጭ ይቀራሉ። ግን 12 ነጥብ ጭማሪው ራሱ በናሙና ስህተት መመዘን አለበት። ሁለት ቀላል ናሙናዎች ቢሆኑ የስህተቱ ስፋት ወደ 9 ነጥብ ገደማ ነው። እንዲህ ያሉ ጥናቶች ግን ቤተሰቦችን የሚመርጡት በተወሰኑ የቆጠራ ቦታዎች ሰብስበው ነው፤ በአንድ ሰፈር ያሉ ቤቶች ደግሞ ከአንድ ቦኖ ይቀዳሉ። በዚህ ምክንያት ቫሪያንሱ እጥፍ ቢሆን የስህተቱ ስፋት ወደ 13 ይደርሳል፤ ጭማሪው በውስጡ ይሰወራል። ኮዱን በማስተካከል ብዙ ቀን ከደከሙ በኋላ «ለውጥ አለ ለማለት አይቻልም» ብሎ መጻፍ ከባድ ነው፤ ግን መጻፍ አለበት።

ቁጥሩ ሳይነቃነቅ ይዘቱ የሚዛወርበትም ጊዜ አለ፤ ቢርካ ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ ነው። የዝናብ ውሃ በሁለቱም ዙር 51 ነው። ነገር ግን ምርጫው ሲነደፍ የታሰበው ከጣሪያ ወርዶ በጋን ወይም በታንከር የሚጠራቀመው ውሃ ነው። ቢርካ የሚሞላው መሬት ለመሬት በሚወርድ ጎርፍ ነው። አንዱ ጠያቂ ዝናብ ነው ብሎ 51፣ ሌላው ከኩሬ ምን ይለየዋል ብሎ 43 የሚሆነውን ሊመርጥ ይችላል። በበጋ ደግሞ ቢርካው ሲደርቅ ቦቴ መጥቶ ይሞላዋል፤ ቤተሰቡ ዛሬም የሚቀዳው ከቢርካ ነው፣ ውሃው ግን የቦቴ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ዓለም አቀፉ ምደባ የዝናብ ውሃን «የተሻሻለ» ምንጭ ሲለው ኩሬን አይለውም። በሁለቱ ዙሮች ጠያቂዎች በሥልጠና የተለያየ መመሪያ ከተሰጣቸው፣ ቢርካ በገፍ ከአንዱ ጎራ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ የኮድ ዝርዝሩን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው ግን ምንም ልዩነት አያይም። መልሱ የሚገኘው ከመረጃ ሰብሳቢዎች መመሪያና ከሱፐርቫይዘሮች ትዝታ ነው። ሁለቱም ከፋይሉ ጋር አብረው አይወርዱም፤ ተጠይቀው ነው የሚገኙት።

ወራቱም እዚህ ይገባል። የ2011 የመስክ ሥራ ከታኅሣሥ ማብቂያ 2010 እስከ ሰኔ መጀመሪያ 2011፣ የ2016ቱ ከጥር አጋማሽ እስከ ሰኔ መጨረሻ የተካሄደ ነው፤ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር። ሁለቱም የጉ ዝናብ የሚጠበቅበትን ጊዜ ያቋርጣሉ። አንድ ሰፈር ከዝናቡ በፊት ወይም በኋላ መጠየቁ ከቦቴ ወደ ቢርካ ሊያዛውረው ይችላል፤ ስለዚህ የቃለ መጠይቁ ወር አብሮ መታየት ይኖርበታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በሶማሌ ክልል መቅደም ያለበት ጥያቄ የተጠየቀው ማን ነው የሚለው ነው። በ2011 በክልሉ ከተመረጡት 65 የቆጠራ ቦታዎች በ18ቱ በድርቅና በጸጥታ ችግር ምክንያት ቃለ መጠይቅ አልተደረገም፤ 10 ደግሞ በጸጥታ ምክንያት ቤቶቻቸው እንኳ አልተመዘገቡም። ሪፖርቱ ራሱ የክልሉ መረጃ ክልሉን ሙሉ በሙሉ ላይወክል ይችላል ብሎ አስጠንቅቋል። ድርቅ የመታቸው ቦታዎች ከጎደሉ ደግሞ ቦቴና ቢርካ የሚጠብቁት በብዛት የጎደሉ መሆናቸውን መጠርጠር ተገቢ ነው። ጥናቱ በክልል ደረጃ እንዲናገር እንጂ ጅግጅጋን ወይም ቀብሪ በያህን ለብቻ እንዲናገር አልተነደፈም። እነዚህን ሳይገልጽ ኮዱን ብቻ ያስተካከለ ንጽጽር ግማሽ ሥራ ነው።

አንድ ቤተሰብ በሁለቱም ዙር የሚጠየቅበት ጥናት ቢኖር ስህተቱን መያዝ ይቀላል። የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮቹ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011/12 እስከ 2015/16፣ የተከታተለው እነዚያኑ ቤተሰቦች ነው። እንዲህ ባለ ፋይል የመጀመሪያው ዙር መልስ በቁመት፣ የሁለተኛው በአግድም ተደርጎ ሲሰናዳ፣ ብዙው ቤተሰብ መልሱን ስለማይቀይር ሰው በሰያፉ መስመር ላይ ይከማቻል። አንድ ረድፍ ከሰያፉ ወጥቶ በጅምላ ወደ ጎን ከተዛወረ፣ መንደሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ የውሃ ምንጭ ስለለወጠ ሳይሆን ቁጥሩ ስለተለወጠ ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን በየዙሩ የሚጠየቁት ሌሎች ቤተሰቦች ናቸው፤ ይህ መፈተኛ የለም።

ስህተቱ ለምን ለዓመታት ሳይታይ ሊኖር እንደሚችል የሚያስረዳው አንድ ነገር ይቀራል። በሪፖርት ርእስ የሚወጣው «የተሻሻለ ምንጭ» የሚለው ድምር ነው፤ ቦኖም የጎረቤት ቧንቧም በውስጡ ናቸው። 13 እና 14 ቢምታቱም ድምሩ አይነቃነቅም። ከዚያ ድምር በታች የሚወርደው የከተማ ውሃ አገልግሎት፣ የቀበሌ ዕቅድ አውጪ፣ ቦኖ የሚሠራ ድርጅት ነው፤ የሚጎዳውም እሱ ነው። ድምሩ ራሱ ደግሞ ከለውጥ አላመለጠም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ የሚመሩት የውሃና የንጽሕና ክትትል እ.ኤ.አ. በ2017 በቦቴና በጋሪ የሚመጣን ውሃ ከተሻሻሉት ጋር መድቦታል፤ ቀደም ሲል ከእነሱ ውጭ ነበር። በመሃል አገር ትንሽ የሚያነቃንቀው ይህ ውሳኔ በጅግጅጋ ዙሪያ ብዙ ቤተሰብ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያሻግራል፤ አንዲት ጠብታ ውሃ ሳይጨመር። ሁለት ዙር የሚያነጻጽር ሰው ሁለቱንም በአንድ ምደባ፣ በአሮጌውም ሆነ በአዲሱ፣ አስልቶ የትኛውን እንደተጠቀመ ከሠንጠረዡ ሥር መጻፍ አለበት።

መጠይቅ ለሚያዘጋጁት ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚወጣ አንድ ጥያቄ አለኝ። አዲስ ምርጫ ማስገባት ሲያስፈልግ ለምን በመጨረሻው ቁጥር አይገባም? የጎረቤት ቧንቧ 14 ተብሎ ቦኖ በ13 ቢቀር ኖሮ፣ ከላይ ያለው የስያሜ መምታታት አይኖርም ነበር። በወረቀቱ ላይ ምርጫዎቹ የሚነበቡበት ቅደም ተከተልና ቁጥራቸው አንድ መሆን የለባቸውም፤ 14 ከ13 በፊት ታትሞ ሊነበብ ይችላል። ለጅግጅጋና ለአካባቢው ደግሞ ቢርካ የራሱ ቁጥር ይኑረው፤ ማን እንደሞላው፣ ጎርፍ ወይስ ቦቴ፣ የሚጠይቅ አንድ ተከታይ ጥያቄም ይጨመርለት። ቁጥሩ ከዚህ በፊት ለማንም ያልተሰጠ ይሁን።